በላቲን ልክ የተሰፋ ሰብታይትል፦ ከሐዋሳ የአንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም ጉዳይ ጥናት

መነሻው

ፊልሙ 19 ደቂቃ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ የሚውሉ የሦስት ሰዎችን አንድ ቀን ይከተላል፦ አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ፣ ዓሣ እየገፈፈች የምታዘጋጅ ወጣት፣ እና ከጀልባ እየተረከበ የሚሸጥ ነጋዴ። ሦስቱም ሲዳምኛ ይናገራሉ። ፊልሙ ሊታይ የታሰበው ግን እዚያው ሐዋሳ፣ በአንድ አዳራሽ፣ ሲዳምኛ ለማይሰማው የከተማው ነዋሪ ጭምር ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ሰብታይትል ያስፈልገው ነበር።

ሥራውን የሠራነው አራት ሰዎች ነን። ዳይሬክተሯ፣ ኤዲተሩ፣ ሲዳምኛ አፉን የፈታበት ተርጓሚ፣ እና እኔ። የእኔ ድርሻ የተተረጎመውን ንግግር ከምስሉ ጋር ማስተካከል ነበር፤ የት ይግባ፣ የት ይውጣ፣ ስንት ፊደል ይያዝ፣ መስመሩ የት ይሰበር የሚለውን። ሲዳምኛዬ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም። ይህ መጀመሪያ ላይ ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ እንደማሳየው ጠቅሞኛል።

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች ሰብታይትሉ ሊያሟላ የሚገባውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ላኩልን። በአንድ መስመር ከ42 ቁምፊ፣ ማለትም ባዶ ቦታና ነጥብ ተቆጥሮ ከ42 ፊደል፣ እንዳይበልጥ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ፣ በሰከንድ ከ17 ቁምፊ እንዳይበልጥ፣ አንዱ ሰብታይትል ከ7 ሰከንድ በላይ ስክሪን ላይ እንዳይቆይ፣ በሁለት ተከታታይ ሰብታይትሎች መካከል ቢያንስ 2 ፍሬም፣ ማለትም የፊልሙ ሁለት ነጠላ ምስል ያህል፣ ባዶ እንዲተው ይላል። በሙያው የቆየ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች ለዓመታት ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ለየትኛው ፊደል እንደሆነ አልተጻፈም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሁሉም አረንጓዴ ነበር

የተጠቀምንበት ፕሮግራም Subtitle Edit ነው፤ ነፃ ነው፣ የግዕዝ ፊደልንም ያለ ችግር ይቀበላል። በቅንብሩ ውስጥ `Single line max length` የሚለው ቦታ 42፣ `Max. chars/sec` የሚለው ቦታ 17 አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ልኩን ያለፈ ሰብታይትል ሁሉ በቀይ ይታያል። የተርጓሚው ረቂቅ 241 ሰብታይትል ነበረው። ቀይ የሆኑት 6 ብቻ ናቸው። እነሱን በአንድ ከሰዓት አስተካክለን ሥራው አለቀ አልን።

ሙከራውን ያደረግነው በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ነው። ሰባት ሰው ጠራን። ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሁለት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ እና አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ ሁለት የወላይታ ተወላጆች። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንዷ እናት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይሮጣል» አሉኝ። መነጽራቸው ምንም አልሆነም። ሲያልቅ ምን እንዳዩ ስንጠይቅ ተማሪዎቹ ንግግሩን ይነግሩናል፤ ግን ስለ አባ ኮዳዎቹ፣ ስለ ጀልባዋ ቀለም፣ ወጣቷ ቢላዋውን እንዴት እንደምትይዝ የሚያውቅ አልነበረም። ፊልም አላዩም፣ ጽሑፍ ነው ያነበቡት። ትልልቆቹ ደግሞ ሁለቱም አምልጧቸዋል።

ሌላም ነገር ታየ። ረጅም መስመር ያላቸው ሰብታይትሎች ከስክሪኑ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ይዘረጋሉ፣ ጥቂቶቹም ማጫወቻው ራሱ ሰብሯቸው ሦስት መስመር ሆነው ወጡ። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዳንዴ የነበረው ነጠላ «ነው።» ነው።

ለምን?

ጥፋቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ፕሮግራሙ «አንድ ቁምፊ» ሲል ለላቲን አንድ ተነባቢ ወይም አንድ አናባቢ ማለቱ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ሁለቱንም በአንድ ይዟል። «መ» ሁለት ድምፅ ናት፣ ለፕሮግራሙ ግን አንድ። በዚያ ላይ አማርኛ ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ ይደርባል። «አልነገርኩትም» የሚለውን ውሰዱ። 8 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ያው ሐሳብ አምስት ቃል ሆኖ፣ በቃላቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሲቆጠር 18 ቁምፊ ይወስዳል። በዚህ ምሳሌ ብንሄድ ለእንግሊዝኛ 17 የሆነው ልክ ለእኛ 7 ተኩል አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቃል ለሁሉም መለኪያ አይሆንም፤ ግን 17 ፊደል በሰከንድ ለአማርኛ ልክ ሳይሆን ልክ አልባነት እንደሆነ ለማየት ይበቃል። ረቂቃችን አረንጓዴ የሆነው ጥሩ ስለሆነ አልነበረም።

ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማየት ረድቶናል። ኔትፍሊክስ በይፋ ባወጣቸው መመሪያዎች የጃፓንኛ ሰብታይትል በሰከንድ 4 ቁምፊ፣ በመስመር 13 ነው። የኮሪያኛ በሰከንድ 12፣ በመስመር 16። ኮሪያኛ ለእኛ ይቀርባል፣ ምክንያቱም የእነሱም አንዱ ሳጥን አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል ይይዛል። ስለዚህ የራሳችን ልክ ከ12 እንደማይበልጥ ገመትን።

የመስመር ርዝመቱ ምክንያት ደግሞ የዓይን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ከላቲን ይሰፋል። «ጨ» ወይም «ሠ» የሚወስዱትን ቦታ ያህል ሁለት ቀጫጭን የላቲን ፊደላት ይቀመጡበታል። 42ቱ የተሰላው በላቲን አማካይ ስፋት ነው።

ልካችንን ማግኘት

ከፊልሙ 12 ሰብታይትሎች መረጥንና በሦስት የተለያየ ፍጥነት አዘጋጀናቸው፦ በሰከንድ 15፣ 12 እና 10 ፊደል፣ ባዶ ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ተቆጥሮ። ለእነዚያው ሰባት ሰዎች ቅደም ተከተሉን እያቀያየርን አሳየን። ከእያንዳንዱ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጠየቅን፦ ምን አለ? ምን ያደርግ ነበር? ሁለተኛው ጥያቄ ነው ዋናው፤ ሰብታይትል ተነበበ የሚባለው አንብቦ ምስሉንም ለማየት ጊዜ ሲተርፍ ነው።

በ15 ሁለት መስመሩን የጨረሰ ሰው አልነበረም። በ12 ተማሪዎቹ ይጨርሳሉ፣ ትልልቆቹ የመጨረሻው ግሥ ያመልጣቸዋል፤ በአማርኛ ደግሞ ግሡ ካመለጠ ሁሉም አመለጠ። በ10 ሁሉም አነበቡ፣ ሁሉም ምስሉን ነገሩን። ሰባት ሰው ጥናት አይባልም፤ እኛም ለዚህ ፊልምና ለዚህ አዳራሽ ልክ ነው የፈለግነው። 10ን መደበኛ፣ 12ን ጣሪያ አደረግን። ለመስመር ርዝመት በመረጥነው የፊደል መጠን ግድግዳው ላይ እየሞከርን 28 ላይ ቆምን፤ ከዚያ በላይ ዓይን ከምስሉ መሃል ወጥቶ ዳርና ዳር መመላለስ ይጀምራል።

አዲሶቹን ቁጥሮች ፕሮግራሙ ውስጥ ሳስገባ ከ241ዱ 112ቱ ቀይ ሆኑ። ኤዲተሩ ስክሪኑን አይቶ «በርበሬ ተደፋበት እንዴ?» አለ።

ከመቁረጣችን በፊት አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ቀይ አጸዳልን። ተርጓሚው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታ ነበር የጻፈው፤ «።» በማለት ፋንታ «፡» እና «፡»። በዓይን አይለይም። ለፕሮግራሙ ግን ሁለት ቁምፊ ነው፣ ይባስ ብሎም መስመር ሲሞላ አንዱን ሁለት ነጥብ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ይጥለዋል። በፈልግና ተካ ሁሉንም ወደ አንዱ «።» ቀየርናቸው። ከነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ የመተው ልማድም እንዲሁ፤ ነጥቡ ለብቻው አዲስ መስመር ይጀምራል።

መቁረጥ

አረጋዊው ዓሣ አስጋሪ ስለ ልጅነታቸው የሚናገሩበት ቦታ አለ። ንግግሩ 4.2 ሰከንድ ነው። ተርጓሚው ሁሉንም ቃል በታማኝነት አምጥቶታል፦

«ድሮ እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ መረቡን ማታ ጥሎ ጠዋት ሲያወጣው ጀልባዋ በዓሣ ብዛት ልትሰምጥ ትደርስ ነበር።»

65 ቁምፊ ነው። በ4.2 ሰከንድ ሲካፈል 15.5። በድሮው ልክ አረንጓዴ፣ በእኛ ልክ ከጣሪያ በላይ። የእኔ የመጀመሪያ ቆረጣ ይህ ነበር፦

«ልጅ ሳለሁ ጠዋት መረቡ ሲወጣ
ጀልባዋ በዓሣ ልትሰምጥ ትደርስ ነበር።»

42 ቁምፊ፣ በሰከንድ ልክ 10። በራሴ ኮራሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ሙከራ ስናደርግ አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሰውዬው አንድ አሮጌ መረብ ከግድግዳ አውርደው «የእሱ ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውም ይሰበራል። ከተመልካቾቹ አንዱ «የማን?» አለ። አባትየውን ከዘጠኝ ደቂቃ በፊት እኔ ነበርኩ የሰረዝኩት። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የተሠራው በዚያ ቃል ላይ ሆኖ ሳለ ለእኔ የታየኝ ሦስት ፊደል ነው። እንደገና ጻፍነው፦

```
57
00:04:11,320 --> 00:04:15,520
ልጅ ሳለሁ የአባቴ መረብ ሲወጣ
ጀልባዋ ልትሰምጥ ትደርስ ነበር።
```

39 ቁምፊ፣ በሰከንድ 9.3። «በዓሣ» ወጣ፣ ምክንያቱም ከመረብ የሚወጣውና ጀልባ የሚያሰምጠው ሌላ ነገር የለም፣ ምስሉም ላይ ዓሣ ሞልቷል። «ጠዋት» ወጣ፣ ትዕይንቱ ሲነጋ የተቀረጸ ስለሆነ። «አባቴ» ተመለሰ። ከዚህ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፦ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ በኋላ የሚመለሱ ቃላትን ሳይመዘግብ ማንም እንዳይቆርጥ። የመዘገብናቸው 14 ቃላት ነበሩ። ሰው፣ ዕቃ፣ ቦታ፣ አንድ የዕዳ መጠን።

ሁለተኛው ምሳሌ ከወጣቷ ነው። በ5 ሰከንድ ውስጥ፣ እጇ ከአፏ እኩል እየሮጠ፣ እንዲህ ትላለች፦

«መጀመሪያ ቆዳውን እንገፍፈዋለን፣ ከዚያ በኋላ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተን እናወጣለን፣ ራሱንና አጥንቱን ደግሞ ለሾርባ እንሸጣለን።»

80 ቁምፊ፣ በሰከንድ 16። «መጀመሪያ»ና «ከዚያ በኋላ» እጇ ላይ ይታያሉ፤ መጀመሪያ የመጣው መጀመሪያ ነው። እኔ እንዲህ አሳጠርኩት፦ «ቆዳው ተገፍፎ ሥጋው ይለያል፤ ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይሸጣል።» 37 ቁምፊ፣ በሰከንድ 7.4፣ በጣም ምቹ። ዳይሬክተሯ ግን አልተቀበለችኝም። «እሷ የት ሄደች?» አለች። ልክ ነበረች። ተደራጊ ግሥ ፊደል ይቆጥባል፣ ሠሪውን ግን ከሥራው ያወጣዋል። የምግብ አሠራር መመሪያ ይመስላል። የመጨረሻው ይህ ሆነ፦

«ቆዳውን ገፍፈን ሥጋውን እናወጣለን፤
ራሱንና አጥንቱን ለሾርባ እንሸጣለን።»

45 ቁምፊ፣ በሰከንድ 9። ከልኩ በታች እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ መቆጠብ ምንም አይጨምርም። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ቀዩን ማጥፋት ከጀመርኩ በኋላ አረንጓዴውንም መቁረጥ ይዞኝ ነበር።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር። ጠያቂዋ አረጋዊውን «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረው። አንድ ጓደኛችን ፊደል ለመቆጠብ ወደ «አንተ» እንድንቀይረው ሐሳብ አቀረበ። በሐዋሳ ሽማግሌን «አንተ» የሚል ሰብታይትል ግድግዳ ላይ አውጥቶ በሰላም ወደ ቤት መግባት ይከብዳል። ግን ሂሳቡም ራሱ ከእሱ ጋር አልነበረም። «ጀመሩ» 3 ፊደል ነው፣ «ጀመርክ» 4። «ይመጣሉ» 4፣ «ትመጣለህ» 5። አክብሮቱ ይረክሳል፣ ማለቴ በፊደል።

መስመሩ የት ይሰበር?

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ከመስተዋድድና ከመስተፃምር በፊት ስበሩ ይላሉ። አማርኛ ውስጥ «በ»፣ «ከ»፣ «ስለ»፣ «ሲ» ከቃሉ ጋር የተጣበቁ ስለሆኑ ያ ምክር አይሠራም። ለእኛ የሠራልን ሐሳቡን ከሚዘጋው ግሥ በኋላ መስበር ነው፦ «ሲወጣ» ብሎ መስመር፣ «ገፍፈን ... እናወጣለን፤» ብሎ መስመር። አንባቢው የመጀመሪያውን መስመር ሲጨርስ አንድ ሙሉ ጉርሻ ዋጠ ማለት ነው። ፈጽሞ ያልለያየነው «ትደርስ ነበር» የሚሉ ጥንድ ግሦችን፣ ቁጥርን ከተቆጣሪው፣ ቅጽልን ከስሙ ነው።

እዚህ ላይ ሲዳምኛ አገዘን። የእሱም ግሥ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰውዬው ቃሉን የሚያሳርፍበትና ሰብታይትሉ የሚያሳርፍበት ቦታ ይገጣጠማል። አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰብታይትል ሲከፈል ተናጋሪው ገና ያልተናገረውን አስቀድሞ የማውጣት ችግር አልገጠመንም።

ያልሠሩት ሙከራዎች

በመጀመሪያ የሞከርኩት ረጅሙን ሰብታይትል ለሁለት መክፈል ነበር። ፕሮግራሙ ይህን በራሱ የሚያደርግበት ትዕዛዝ አለው። መስመሩ አጭር ይሆናል፣ ዓይንም ደስ ይለዋል። ፍጥነቱ ግን አይቀንስም፦ 65 ቁምፊ በ4.2 ሰከንድ ለሁለት ቢከፈል ሁለት ጊዜ 15.5 ነው። እንዲያውም በመካከል 2 ፍሬም ስለሚተው ትንሽ ይብሳል። አውቶማቲኩ ደግሞ የሚከፍለው በርዝመት እንጂ በትርጉም ስላልሆነ ግሥና ስም ይለያያል። የጠቀመን ተቃራኒው ነው፤ አጭርና ቀርፋፋ የሆነን ሰብታይትል ከፈጣኑ ጎረቤቱ ጋር ማዋሃድ። አንዱ የተረፈውን ጊዜ ለሌላው ያበድራል፣ የመካከሉ ባዶም ይገባል። በዚህ መንገድ 241ዱ 226 ሆኑ።

ፊደሉን ማሳነስም ሞከርን። አሥር በመቶ ቀንሰን በመስመር 31 አስገባን። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ከክፍሉ የኋላ ወንበር ግን «ጠ» እና «ጸ»፣ «ሰ» እና «ሱ» አይለዩም። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ እግርና ክንድ ላይ ስለሆነ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ወደ 28 ተመለስን።

ሦስተኛው ጊዜ መበደር ነው። ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላ ሰብታይትሉ ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴ አንድ ሰከንድ ያህል እንዲቆይ ማድረግ። ብዙ ቦታ ላይ ሠርቶ 30 ያህል ቀይ አጠፋልን። አንድ ቦታ ላይ ግን አሳፈረን። የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል ከእሳቸው ፊት አልፎ ወደሚቀጥለው ሾት ገባ፣ እዚያ ደግሞ ወጣቷ አፏን ከፍታ እየሳቀች ነው። ተመልካቾቹ ቃሉን የእሷ አደረጉት። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ» የሚል ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ሾት ሲቀየር ተናጋሪውም የሚቀየር ከሆነ ሰብታይትሉ ሾቱ ከመቀየሩ 2 ፍሬም ቀድሞ እንዲወጣ አደረግን፣ ለዚያ ደግሞ ጽሑፉን አሳጠርን።

በጣም ከባዱ የድርድሩ ትዕይንት ነው። ለ11 ሰከንድ አራት ሰዎች በአንድ ላይ ይጮኻሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ እያነሱ እየጣሉ። ረቂቁ 9 ሰብታይትል ነበረው፤ አብዛኞቹ አንድ ሰከንድ ሳይሞሉ ይበራሉ። ተርጓሚውና እኔ ቁጭ ብለን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ተመልካቹ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው አልን። ነጋዴው ስንት ጠየቀ፣ ስንት ተባለ፣ በስንት ተስማሙ። ሌላውን እጅና ፊት ይናገራሉ። 3 ሰብታይትል ሆነ።

ዋጋውን በአሃዝ ጻፍነው፤ እዚያ ላይ የፕሮግራሙ ሂሳብ እንደገና ይዋሻል። «185» ለእሱ 3 ቁምፊ ነው። አንባቢው ግን በልቡ «መቶ ሰማንያ አምስት» ይላል፣ ባዶ ቦታው ተጨምሮ 12። አሃዝ ቦታ ይቆጥባል፣ ጊዜን ግን የሚቆጥበውን ያህል አይቆጥብም። ስለዚህ አሃዝ ባለባቸው ሰብታይትሎች ላይ ፍጥነቱን በቃል ጽፈን አሰላን።

ሲዳምኛ አለመቻሌ

ተርጓሚው እየቆረጥን ስንሄድ የሚያማርረው «ይሄን ብሏል እኮ!» እያለ ነበር። ሁሉን ይሰማል፣ ስለዚህ የወጣው ቃል ሁሉ ጉድለት ሆኖ ይታየዋል። እኔ ደግሞ የምሰማው ዜማውን ብቻ ነው፣ እንደ ተመልካቹ። ሰብታይትሉ ሳይገባኝ ሲቀር ተመልካቹም አይገባውም ማለት ነው። በተቃራኒው ሰውዬው ረጅም ተናግሮ ሰብታይትሉ ሁለት ቃል ሲሆን «ደበቃችሁን» የሚል ስሜት ይሰጠኛል፤ ይህንንም ተመልካቹ ያስተውላል። እንዲህ ያለ ቦታ ሦስት አገኘንና ጥቂት ቃል መለስን። የምሰርዘው ቃል ካለ ለምን እንደተሰረዘ ለተርጓሚው በአንድ መስመር እጽፍለት ነበር። ሲጨርስ ሁለቱን ብቻ ተከራክሮ አስመለሰ። የመረጣቸውም ትክክል ነበሩ።

ውጤቱ

ከ226ቱ ሰብታይትሎች 12ን ያለፉት 4 ብቻ ቀሩ። ከአራቱ አንዱ የድርድሩ ውስጥ ነው። ሁለቱ ወጣቷ ስለ ዕዳዋ የምትናገርባቸው ናቸው፣ ቁጥሩን መንካት ስላልፈለግን። አራተኛውን ኤዲተሩ አዳነው። ምስሉ ተቆልፎ ነበር፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ሾት አይነካም ተብሎ ነበር፤ ግን የሐይቁ ባዶ ምስል ላይ 14 ፍሬም ጨመረልን። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም ግማሽ ሰከንድ አልፎ ትንሽ ነው፤ ፍጥነቱ ከ13.1 ወደ 11.6 ወረደ። በመጨረሻ 3 ቀሩ።

በአዳራሹ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰዎች መቼ እንደሚስቁ አዳመጥኩ። ሲዳምኛ የሚሰሙት ቀድመው ይስቃሉ፣ የሚያነቡት ተከትለው። በመጀመሪያው ሙከራ የሚያነቡት አይስቁም ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

በአማርኛ ሰብታይትል የሚሠራ ሰው የመመሪያ ወረቀት ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩ ለየትኛው ፊደል እንደሆነ ነው። ካልታወቀ 17ን ትቶ ከ10 አካባቢ ጀምሮ በራሱ ተመልካች ላይ መሞከር ይሻላል። የእኛ 10 ለተቀላቀለ የአዳራሽ ሕዝብ ነው። ስልክ ላይ ብቻውን ለሚያይ ወጣት 12 ሊበቃ ይችላል፣ ማንበብ ገና ለሚለማመዱ ልጆች ግን 10ም ይበዛል። መሞከሪያውም ሁለቱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምን አለ፣ ምን ያደርግ ነበር። የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን የማይመልስ ሰው ካለ ሰብታይትሉ ገና ፈጣን ነው።

ልኩ ከትርጉሙ በፊት ለተርጓሚው መነገር አለበት። እኛ ዘግይተን ስለነገርነው አንድ ሙሉ ሳምንት የጻፈውን አስቆረጥነው። በሚቀጥለው ሥራ የሰጠሁት ሠንጠረዥ ሦስት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ ንግግሩ የሚወስደው ሰከንድ፣ የሚፈቀድለት ፊደል (ሰከንዱ በ10 ሲባዛ)፣ እና የሚጽፍበት ባዶ ቦታ። 4.2 ሰከንድ ካለ 42 ፊደል አለህ ማለት ነው። ተርጓሚው በስልክ ደውሎ «ይኼማ የቴሌግራም ሒሳብ ነው፣ የድሮው፣ በቃል የሚከፈለው» አለኝ። ረቂቁን ሲልክ ቀይ የሆኑት 9 ነበሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታባቸው ናቸው።